ሁለቱም እውነት ነው፤ ግን አንዱ የሌላው ምክንያት ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል። የእህቴ ልጅ የዓሣ ሳህኗን ገፋ አድርጋ ፎቶኮፒ የተደረገ የጥያቄ ጥራዝ ዘርግታለች። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ኬሚስትሪውን ዝም ብላ ስትሠራ ቆየችና እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገች።

«አጎቴ፣ ይሄ ጥያቄ ሰው ለማናደድ ነው የተሠራው። ሁለቱም ዓረፍተ ነገር ልክ ነው። ‹ሀ› አልኩ። መልሱ ‹ለ› ነው ይላል።»

ተቀብያት አየሁት። እንዲህ ይላል፦

አባባል፦ የምግብ ጨው ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።
ምክንያት፦ የምግብ ጨው የሚቀልጠው ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ጨው የሚቀልጠው 801 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የጨው ውኃም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ መልሱ «ለ» ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ዓሣው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አወራን። እዚህ የምጽፈው ያን ወሬ ነው፣ ትንሽ ተስተካክሎ።

ጥያቄው ምን ዓይነት ነው?

ተማሪዎች «አሰርሽን ሪዝን» ይሉታል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሰጣል። የመጀመሪያው አባባል ይባላል፤ አንድ ነገር እንዲህ ነው ይላል። ሁለተኛው ምክንያት ይባላል። ከዚያ ምርጫዎቹ ይመጣሉ፤ ብዙ ጊዜ አራት ናቸው፦

ሀ. ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ምክንያቱ አባባሉን በትክክል ያብራራል።
ለ. ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ምክንያቱ ግን አባባሉን አያብራራም።
ሐ. አባባሉ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ሐሰት ነው።
መ. አባባሉ ሐሰት ነው፤ ምክንያቱ እውነት ነው።

አንዳንድ ጥራዝ «ሁለቱም ሐሰት» የሚል አምስተኛ ይጨምራል። የህንድ ትምህርት ቤቶች ፈተና ላይ በጣም የተለመደ ነው። በየፎቶኮፒ ቤቱ የምናያቸው የሳይንስ መለማመጃዎች ውስጥም በብዛት አለ። አሜሪካኖቹም እ.ኤ.አ. እስከ 2021 በሰጡት የኬሚስትሪ ፈተና ላይ አንድ ክፍል ሙሉ በዚህ ዓይነት ጥያቄ ነበር።

«ሐ» እና «መ» ብዙ አያስቸግሩም። ትምህርቱን ካወቅህ ታውቀዋለህ፤ ካላወቅህ አታውቀውም። ሰው የሚወድቀው «ሀ» እና «ለ» መካከል ነው። የሚወድቀውም ብዙ ጊዜ ያጠና ሰው ነው። ያላጠናውማ ቀድሞ ነው የወደቀው።

«ምክንያት» ተብሎ ተጽፎ የለም እንዴ?

ተጽፏል። ወጥመዱም እሱ ነው። እዚያ ቦታ ላይ «ምክንያት» ማለት ስም ብቻ ነው፤ እንደ ወንበር ቁጥር። ዓረፍተ ነገሩ እውነተኛ ምክንያት ይሁን አይሁን ገና አልተወሰነም። እንዲወስን የተጠየቀው ተማሪው ነው።

ብዙ አስተማሪዎች አንድ ዘዴ ይሰጣሉ፦ መሀል ላይ «ምክንያቱም» አስገብተህ አንብበው፣ ካስኬደ «ሀ» ነው። እኔ ይህን ዘዴ አልወደውም። አማርኛችን ለጋስ ነው፤ ማንኛውንም ሁለት እውነት «ምክንያቱም» ብለህ ብትሰፋው ጆሮ ይቀበለዋል። «የጨው ውኃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ምክንያቱም ጨው የሚቀልጠው በከፍተኛ ሙቀት ስለሆነ» ብለህ ረጋ ባለ ድምፅ አንብበው እስቲ። የዜና አንባቢ ያነበበው ይመስላል። ሙቀት፣ ኤሌክትሪክ፣ ሁለቱም ጉልበት ነገር ናቸው፤ አእምሮ ክፍተቱን ራሱ ሞልቶ ያልፋል። የእህቴን ልጅ የያዛትም ይኸው ነው።

የሚሻለው መጀመሪያ ምክንያቱን በእጅ መሸፈን ነው። አባባሉን ብቻውን አንብብ፤ እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ጎኑ ላይ ምልክት አድርግ። ቀጥሎ አባባሉን ሸፍንና ምክንያቱን ብቻውን ፍረድ። ሁለቱም እውነት ሆነው ከተገኙ ብቻ ወደ ዝምድናቸው ሂድ። ይህ ጊዜ የሚፈጅ ይመስላል፤ ሲለምዱት ሰከንዶች ነው።

ዝምድናቸውን በምን እናውቃለን?

ፊት ለፊታችን ሐይቁ ነበር። ኬሚስትሪውን ዘግተን ጥራዙ ጀርባ ላይ ሁለት ጥያቄ ጻፍኩላት።

አንደኛው፦
አባባል፦ የሻላ ሐይቅ ውኃ ጨዋማ ነው።
ምክንያት፦ ከሻላ ሐይቅ ወንዝ አይወጣም።

ሁለተኛው፦
አባባል፦ የሀዋሳ ሐይቅ ውኃ ጨዋማ አይደለም።
ምክንያት፦ ከሀዋሳ ሐይቅ ወንዝ አይወጣም።

አራቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው። ሻላ ከሻሸመኔ ወዲያ ነው፤ ውኃው ጨውና ሶዳ የበዛበት ስለሆነ አይጠጣም። የሀዋሳን ሐይቅ እናውቀዋለን፤ ዓሣው ከዚያ ነው የወጣው። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለም። የሁለቱ ጥያቄዎች ምክንያት ያው ነው፣ የሐይቁ ስም ብቻ ተቀየረ። መልሳቸው ግን ይለያያል።

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «የመጀመሪያው ‹ሀ›፣ ሁለተኛው... ‹ለ›?» አለች።

«ለምን?»

«ሁለቱም ‹ሀ› ቢሆኑ አንተ አትጽፋቸውም ነበር።»

ጥሩ የፈተና ችሎታ ነው፤ ማብራሪያ ግን አይደለም። ስለዚህ ከሻላ ጀመርን። የምጠይቀው አንድ ቃል ነው፦ እንዴት? ወንዝ አለመውጣቱ ውኃውን እንዴት ጨዋማ ያደርገዋል? መንገዱን ደረጃ በደረጃ መናገር ካልቻልክ «ሀ» አትበል።

መንገዱ ይኸውና። ወደ ሐይቁ የሚገቡ ወንዞች ከድንጋይና ከአፈር ያጠቡትን ጨው ይዘው ይመጣሉ። በጣም ትንሽ ነው፤ ብትቀምሰው አታውቀውም። ሐይቁ ውኃ የሚያጣው በዋናነት በትነት ነው። ሲተን ደግሞ የሚሄደው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው ወደ ላይ አይወጣም። ወጥ እሳት ላይ ረስተህ ሲንተከተክ ሲንተከተክ ምን ይሆናል? ጨው የጨመረበት የለም፤ ግን ጨው ይበዛበታል። ሻላ እንደዚያ የተረሳ ድስት ነው፤ ለዘመናት የተንተከተከ። ወንዝ ቢወጣበት ኖሮ ጨውንም ይዞት ይሄድ ነበር። ስለማይወጣ ግን እዚያው ይጠራቀማል። መንገዱ ከምክንያቱ ተነስቶ አባባሉ ላይ ደረሰ፤ መሀል ላይ መዝለል የለም። «ሀ»።

አሁን ያንኑ ጥያቄ ሀዋሳ ላይ እንጠይቅ። ወንዝ አለመውጣቱ ውኃውን እንዴት ከጨው ያድነዋል? መንገዱን ጀምር፦ ወንዝ አይወጣም፣ ስለዚህ ጨው ይጠራቀማል፣ ስለዚህ... ውኃው ጨዋማ መሆን ነበረበት! መንገዱ ወደ አባባሉ ሳይሆን ወደ ተቃራኒው ወሰደን። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ለአባባሉ ግን ማብራሪያ ሊሆነው ቀርቶ ጭራሽ እንቆቅልሽ ነው የሆነበት። «ለ»።

«ታዲያ ለምንድነው ጨዋማ ያልሆነው?» አለች ሐይቁን እያየች።

የውኃ ተመራማሪዎች መልስ ሐይቁ ከሥር ያፈሳል የሚል ነው። ወንዝ ባይወጣበትም ውኃው በመሬት ውስጥ እየሰረገ ወደ ዝቅተኛው አካባቢ ይሄዳል። የሰረገው ውኃ የተሟሟውን ጨው ይዞ ነው የሚሄደው። ከላይ የተደፈነ፣ ከታች ግን የሚያንጠባጥብ ማሰሮ በለው። እንግዲህ አባባሉን የሚያብራራው ምክንያት «የሀዋሳ ሐይቅ ውኃ በከርሰ ምድር በኩል ይወጣል» የሚለው ነበር። እሱ ቢጻፍ «ሀ» ይሆን ነበር።

ሌላ ማረጋገጫ አለ?

አለ። «እንዴት?» ብለህ መንገዱን ካገኘህ በኋላ «ባይሆንስ?» በል። ምክንያቱ ባይኖር ኖሮ አባባሉ ምን ይሆን ነበር?

በሻላ ጉዳይ ለመገመት እንኳ አያስፈልግም፤ መልሱ አውራ ጎዳናው ዳር ተዘርግቷል። ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ዝዋይን ታልፋለህ። ከዝዋይ ወንዝ ይወጣል፤ ቡልቡላ ይባላል። ዝዋይ ጨዋማ አይደለም። ቡልቡላ የት ይገባል? አብያታ። ከአብያታስ ወንዝ ይወጣል? አይወጣም። አብያታ ጨዋማ ነው። ያው ውኃ፣ መውጫ ያለው ጋ ለመጠጥ ይሆናል፣ መውጫ የሌለው ጋ አይሆንም። ተፈጥሮ ራሷ «ባይሆንስ?» ብላ ሠርታ ያስቀመጠችው ቤተ ሙከራ ነው።

አሁን ወደ ጨው ጥያቄያችን እንመለስ። የምግብ ጨው በ801 ዲግሪ ሳይሆን በ300 ዲግሪ የሚቀልጥ ቢሆንስ? የጨው ውኃ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ይቀር ነበር? አይቀርም። ከ801 በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት የሚቀልጡ፣ ግን ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ጨዎች አሉ። ስለዚህ የመቅለጫው ሙቀት ለአባባሉ ምንም የሚሠራለት ነገር የለም። የሚያስተላልፈው ጨው ውኃ ውስጥ ሲገባ ወደ ተሞሉ ቅንጣቶች፣ ወደ አየኖች፣ ስለሚለያይና እነሱ እንደ ልብ መንቀሳቀስ ስለሚችሉ ነው።

ታዲያ ለምን የሚዛመዱ ይመስላሉ?

ስለሚዛመዱ ነው! ይህ ነው ነገሩን የሚያከብደው። ጎበዝ ጥያቄ አውጪ ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት እውነቶችን አያስቀምጥም። «የጨው ውኃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል» ብሎ ሥር «ሀዋሳ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት» ቢጽፍ የሚሳሳት የለም። የሚያስቀምጠው ዘመድ ነው። ጥያቄው የምን ዘመድ ነው የሚለው ነው።

የጨው ጥያቄ ውስጥ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸው አንድ ነው፤ ጨው ከአየኖች የተሠራ መሆኑ። አየኖች እርስ በርስ በኃይል ስለሚሳሳቡ ጨውን ለማቅለጥ ብዙ ሙቀት ይጠይቃል። አየኖች ውኃ ውስጥ ሲለያዩ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ሁለቱም ከአንድ ቤት ወጡ፤ ግን ወንድም ወንድሙን አይወልድም።

ይህ ዓይነት በጣም ይበዛል። ሌላ አንድ ላሳይ፦

አባባል፦ ሀዋሳ ላይ ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው።
ምክንያት፦ ሀዋሳ ከጎዴ ትቀዘቅዛለች።

ሁለቱም እውነት። ቀዝቃዛ አየር ከመፍላት ጋር የሆነ ነገር ያለው ይመስላል፤ እጅ ሳያስበው ወደ «ሀ» ይሄዳል። ግን «ባይሆንስ?» በል። ሀዋሳ በሆነ ተአምር አንድ ቀን እንደ ጎዴ ብትሞቅ ጀበናው በ100 ዲግሪ ይፈላ ነበር? አይፈላም። ያው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። ከፍታው የአየሩን ግፊት ይቀንሳል፤ የመፍያ ሙቀቱ በዚያ ይወርዳል። ያው ከፍታ አየሩንም ያቀዘቅዛል። ወንድማማቾች ናቸው፤ አባት ከፍታው።

ሁለተኛው የተለመደ ዘመድ የተገለበጠው ነው።

አባባል፦ የወባ ጥገኛ ተህዋስ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል።
ምክንያት፦ ወባ የያዘው ሰው ደም ማነስ ሊይዘው ይችላል።

እዚህ በእርግጥ መንገድ አለ። ግን ከየት ወደ የት? ሴሎቹ ስለፈረሱ ነው ደም የሚያንሰው። ደም ስላነሰ አይደለም ተህዋሱ ሴል የሚያፈርሰው። ምክንያት በሚለው ቦታ የተቀመጠው ውጤቱ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹን ብትገለብጣቸው «ሀ» ይሆን ነበር፤ እንደ ተጻፉት ግን «ለ»። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ «ግን እኮ ይገናኛሉ» ብሎ ይከራከራል። አዎ ይገናኛሉ። የተጠየቀው ግን መገናኘታቸው አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሐኪም ደም ማነሱን አይቶ «ወባ ይሆን?» ሊል ይችላል። ያ ምልክት ነው፤ ምልክት ደግሞ እንድናውቅ ያደርገናል እንጂ ነገሩን አያመጣውም። «በምን አወቅህ?» እና «ለምን ሆነ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ አማርኛ ግን ለሁለቱም «ስለ» በሚል አንድ ቃል አጣምሮ ይመልሳል። «ጭሱ ስለታየ እሳት አለ» እንላለን። ጭሱ እሳቱን አላመጣውም።

መንገዱ ረጅም ከሆነስ?

ይህን የጠየቀችኝ እሷ ናት፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። እናቷ ሁልጊዜ ባቄላና ቦሎቄ ሀዋሳ ላይ ቶሎ አይበስልም ትላለች። እንዲህ ብንጽፈው፦

አባባል፦ ቦሎቄ በክፍት ድስት ሲቀቀል ሀዋሳ ላይ ከጎዴ ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል።
ምክንያት፦ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል።

ከግፊት እስከ ቦሎቄ ሩቅ ነው። አንዳንድ ተማሪ «በቀጥታ አልተናገረም» ብሎ «ለ» ይላል። ነገር ግን ሂድበት፦ ሀዋሳ ከፍ ያለች ናት፣ ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ ውኃው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምርበትም ከዚያ አያልፍም፣ ስለዚህ ቦሎቄው በቀዘቀዘ ውኃ ነው የሚበስለው፣ ስለዚህ ይዘገያል። አንዱ እርምጃ ቀጣዩን ይጎትታል፤ የተቆረጠ ቦታ የለም። «ሀ» ነው። የእርምጃው ብዛት አያስጨንቅህ፤ ድልድዩ መሀል ላይ መሰበሩ ነው የሚያስጨንቀው። («ፕሬዠር ኩከር» ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርግ ነው ጊዜ የሚያሳጥረው። እህቴ ሁለት አላት፣ አንዱ ክዳኑ ጠፍቷል።)

አንድ ቃል መልሱን ይቀይረዋል?

በደንብ! ወደ ሻላ እንመለስና ምክንያቱን በትንሹ እንነካካው።

አባባል፦ የሻላ ሐይቅ ውኃ ጨዋማ ነው።
ምክንያት፦ ወንዝ የማይወጣበት ሐይቅ ሁሉ ጨዋማ ነው።

ቅድም «ሀ» ነበር። አሁን «ሐ» ሆነ። «ሁሉ» የምትለዋ ቃል ገባች፤ ሀዋሳ ደግሞ ፊት ለፊታችን ቁጭ ብሎ «እኔስ?» ይላል። አንድ ማፍረሻ ከተገኘ «ሁሉ» ሐሰት ነው። ምክንያቱ ሐሰት ከሆነ ደግሞ ያብራራል አያብራራም ብሎ መጨነቅ ቀረ። ለዚህ ነው መጀመሪያ እየሸፈንክ ለየብቻ ፍረድ ያልኩት። «ሁሉ»፣ «ብቻ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ፈጽሞ» ካየህ እስክሪብቶህን አስቀምጠህ ማፍረሻ ፈልግ።

አራተኛውን መልስ ከፈለጋችሁ ደግሞ «የአብያታ ውኃ ለመጠጥ ይሆናል» ብላችሁ ከሥሩ «ከአብያታ ወንዝ አይወጣም» ብላችሁ ጻፉ። «መ» ነው። በእነዚሁ ሐይቆች ብቻ አራቱንም መልስ አዳረስን።

«ባይሆንስ?» የማይሠራበት ቦታ አለ?

ሁለት ቦታ ያንገራግራል። አንዱ ሂሳብ ነው።

አባባል፦ 12 ለ2 ያለ ቀሪ ይካፈላል።
ምክንያት፦ 12 ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል።

«12 ለ4 ባይካፈልስ?» ማለት ትርጉም የለውም፤ 12 ሁልጊዜ 12 ነው። ሂሳብ ላይ የምትጠይቀው «ይህ ያንን ያረጋግጥልኛል?» ብለህ ነው። ለ4 የሚካፈል ቁጥር ሁሉ ለ2 ይካፈላል፤ ስለዚህ ያረጋግጣል። «ሀ»። ምክንያቱ «12 ለ3 ያለ ቀሪ ይካፈላል» ቢሆን ግን እውነት ሆኖ ምንም አያረጋግጥም፤ 9ም ለ3 ይካፈላልና። «ለ»።

ሌላው አባባሉ ሁለት በቂ ምክንያት ሲኖረው ነው። መብራት ጠፍቷል እንበል፤ እቤት ደግሞ አምፖሉ ተቃጥሏል። «መብራት ባይጠፋስ?» ብትል ክፍሉ ያው ጨለማ ነው፤ አምፖሉ የለምና። ታዲያ መብራት መጥፋቱ ምክንያት አይደለም ልትል ነው? ነው እንጂ። እንዲህ ሲሆን «ባይሆንስ?» ያታልላል፤ «እንዴት?» ብቻውን ይሻላል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከ«እንዴት?» የምጀምረው።

የመልስ ቁልፉ ራሱ ሊሳሳት ይችላል?

ይችላል፤ በተለይ ምክንያቱ ግማሽ ማብራሪያ ሲሆን። ሻላ ላይ የጻፍነውን ጥያቄ አጥብቆ የሚይዝ አስተማሪ «ወንዝ አለመውጣቱ ብቻውን አይበቃም፣ ትነቱም መጠቀስ አለበት፤ ሀዋሳስ ወንዝ አይወጣበትም አይደል?» ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው። አለመውጣቱ አስፈላጊ ነው፣ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ቢሆንም አብዛኞቹ ጥያቄ አውጪዎች «በትክክል ያብራራል» ሲሉ የመንገዱን ዋና መነሻ ማለታቸው ነው እንጂ የሚያስፈልገው ሁሉ ተዘርዝሯል ማለታቸው አይደለም። እኔም «ሀ» እላለሁ። ጥሩ ጥያቄ ቢሆን ግን «ከሻላ ውኃ በወንዝም ሆነ በከርሰ ምድር ይህን ያህል አይወጣም፤ የሚያጣው በትነት ነው» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ያኔ ሀዋሳም ገብቶ አያስቸግረንም።

ሌላው የሚያጨቃጭቀው አባባሉን በሌላ ቃል የሚደግመው ነው። «የሻላ ውኃ ጨዋማ ነው» ብሎ «በውኃው ውስጥ ብዙ የተሟሟ ጨው አለ» ሲል፣ ምክንያት ነው ወይስ ያው ነገር? አንዱ ቁልፍ «ሀ» ይላል፣ አንዱ «ለ»። እኔ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የጻፈውን ሰው ነው የምወቅሰው። ተማሪው ማድረግ የሚችለው የዚያን ጥራዝ ልማድ ከሌሎች ጥያቄዎቹ ማጥናት ነው።

መሸት ሲል ካፊያ መጣ። ጥራዙን ቦርሳዋ ውስጥ ከመክተቷ በፊት ጀርባው ላይ የራሷን ጥያቄ ጽፋ አቀበለችኝ።

አባባል፦ አጎቴ ዛሬ ከቀጠሮው 40 ደቂቃ ዘግይቷል።
ምክንያት፦ ዛሬ ሀዋሳ ላይ ዘንቧል።

«ሁለቱም እውነት ነው» አልኳት።

«ነው። ግን ቀጠሯችን 8 ሰዓት ነበር። ዝናቡ የጀመረው አሁን ነው። ‹ለ›።»